በሰው ሰዓት

ወንጌላዊት ሰኮንድ ቆጣሪውን በሁለት ጥፍሯ ቆንጥጣ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ሳበችው፤ ወጣ። ቀጥሎ ረጅሙን፣ ከዚያ አጭሩን ነቀለች። ሦስቱንም ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ነጭ ወረቀት ላይ ደረደረቻቸውና ባዶውን የሰዓት ፊት ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው። ሰዓቱ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ከመናኸሪያው በላይ ካለ ሱቅ በሦስት መቶ ሃምሳ ብር የገዛችው፣ ጀርባው ላይ አንድ የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ተራ ፕላስቲክ።

"ሥራ ፈታሽ እንዴ?" አሉ ጋሽ ቢሻው ከበሩ። የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት አገልግሎት ሱቁ ባለቤት እሳቸው ናቸው።

"መብራት እኮ ሄዷል ጋሽ ቢሻው።"

"መብራት ቢሄድ መጥረጊያው አብሮ ሄደ? ወረቀት የሚቆጠር የለም?"

ወረቀቱን ቆጥራለች፤ ቤቱንም ጠርጋለች። እሱን ብትነግራቸው ሌላ ይፈልጋሉ እንጂ "ጎበዝ" አይሏትም። አምስት ዓመት አብራቸው ስትሠራ ማሽኑ ወረቀት ሲቀረቅር የምታወጣው እሷ፣ ቀለም ሲያልቅ ጅማ ደውላ የምታስመጣው እሷ፣ ማመልከቻ መጻፍ ለማይችለው ገበሬ ጉዳዩን አዳምጣ የምትጽፈው እሷ። ትናንት ለዚህ ሰዓት የሚሆን አንዲት ተለጣፊ ወረቀት ስታትም ግን ጋሽ ቢሻው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አሥራ አምስት ብር አስከፍለዋታል። ከፈለች። ደረሰኝ ቢቆርጡልኝ እንኳ አይደንቀኝም ነበር ስትል በሆዷ አሰበች።

በተለጣፊው ወረቀት ላይ ክብ ተስሏል፤ በክቡ ዙሪያ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር አለ፤ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ደግሞ በእጇ የጻፈችው ትንሽ ጽሑፍ። ከአሥራ ሁለት አጠገብ፦ "ትሕትና አልነሣም ትላለች"፤ ትሕትና ልጃቸው ናት። ከአንድ አጠገብ፦ "ቁርስ። ያንተ ኩባያ አሁንም እሷ ጋ ነው።" ከሁለት አጠገብ፦ "ሱቅ ከፈትኩ።" ከስድስት አጠገብ፦ "ምሳ። ብቻዬን።" እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ምሽት ይዘልቃል። ባሏ በእምነት የዞኑ የደን ባለሙያ ነው፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ደቡብ ኮሪያ ዴጉ የሚባል ከተማ ከገባ አምስት ወሩ። በሁለተኛው ወር በስልክ፣ "ቀናችሁ ጠፋኝ እኮ፤ አሁን ምን እያደረጋችሁ እንደሆነ መገመት አቃተኝ" ብሏት ነበር። ያን ጊዜ ነው ይህ ሐሳብ የመጣላት። ሰዓቱን በከተማቸው በቦንጋ ሰዓት ሞልታ ትልክለታለች፤ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ ቀና ባለ ቁጥር ቆጣሪው ያረፈበትን ያነባል፤ ቤቱን ያገኘዋል። አለቀ።

ሐሳቡ የመጣው በሰላሙ ጊዜ ነው። አሁን ግን ኩርፊያ ላይ ናቸው፤ በስልክ ከተነጋገሩ አሥር ቀናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእምነት የዛሬ አሥር ቀን፣ "ከቤተ ሙከራ የምወጣው አምሽቼ ሆኗል። ነፃ የምሆነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብቻ ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ደውዪልኝ" ብሎ ጻፈላት። ወንጌላዊት አነበበችና ቆጠረች። እሱ ያለው የፈረንጅ ቁጥር የሚቆጠርበት አገር ነው፤ ስለዚህ ዘጠኝ ያለው የፈረንጁን ዘጠኝ ነው፤ ያ ማለት በእኛ ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ለእሷም አስቦላት ነው፤ ማታ ሦስት ሰዓት ትሕትና ተኝታለች፣ የኢንተርኔት ጥቅሉም ይረክሳል፣ ሱቁም ተዘግቷል። ደስ አላት። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን ደወለች። አላነሣም። በማግስቱ ደወለች። አላነሣም። በአራተኛው ቀን ጠዋት አንዲት መስመር ጽፎ አገኘች፦ "በሰው ሰዓት ደውዪ እንጂ።"

በሰው ሰዓት! ራሱ በቆረጠው ሰዓት! እሷ ቀኑን ሙሉ እግሯ እስኪያብጥ ማሽን ስር ቆማ፣ ልጅ አብልታ፣ አስተኝታ፣ ዓይኗን በግድ ገልጣ ስትደውል ሰው አይደለችም? መልስ አልጻፈችለትም። ግን በየማታው ሦስት ሰዓት ላይ መደወሏን አልተወችም፤ "አልደወለችም" እንዳይል። አሥር ማታ ደወለች፤ አሥር ማታ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ሰዓቱንም መሥራቷን አልተወችም። እየተናደደች ትሠራለች።

የድሮውን ፊት በቢላ ጫፍ ልጣ አወጣችው። አዲሱን ስትለጥፍ ነፋስ እንዳይገባበት ከመሐል ወደ ዳር በጨርቅ እየዳበሰች አስተኛችው። ለመሐሉ ዘንግ ቀዳዳውን በእርሳስ ጫፍ በሳች። ከዚያ አጭሩን ቆጣሪ አሥራ ሁለት ላይ አስገባች፤ ረጅሙንም አሥራ ሁለት ላይ፤ ሰኮንዱንም እዚያው። ሦስቱ በአንድ መስመር ተደራርበው ካልገቡ ሰዓቱ ልክ ስድስት ሲሆንም ረጅሙ ቆጣሪ ሌላ ቦታ ይቀራል፤ ይህን ያወቀችው አንዴ አበላሽታ ነው።

እጇ ቆጣሪው ላይ እንዳለ እትዬ ፀዳለ ገቡ። የበእምነት ታላቅ እህት ናቸው፤ ሺሺንዳ ላይ ኮረሪማና ማር ይነግዳሉ፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ በእምነትን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ይህንንም ሰው እንዲረሳው አይፈልጉም። በክንዳቸው ላይ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ተጋድሟል።

"ኮሪያ የሚሄደው እስክንድር ነገ በማለዳው መኪና ይነሣል። ይህን ለወንድሜ እንዲያደርስ ልሰጠው እየሄድኩ ነው" አሉ፤ ጃኬቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሰዓቱ መስታወት በላይ አሳረፉት። "ዘጠኝ ሺህ ብር። አየሽ ቆዳውን? ሰው በሰው አገር የሚከበረው በልብሱ ነው። አንቺስ ምን ላክሽለት?"

ወንጌላዊት መስታወቱን ከጃኬቱ ስር መዝዛ አወጣች። "ሰዓት።"

"የእጅ?"

"የግድግዳ።"

እትዬ ፀዳለ ሰዓቱን አዩት። ጽሑፉን አላነበቡም፤ ፕላስቲኩን ነው ያዩት። "ስንት ገዛሽው?"

"ሦስት መቶ ሃምሳ።"

ሳቁ። የሚያስቃቸው ነገር ሲያጋጥማቸው የሚስቁት ሳቅ አልነበረም። "አየ ወንጌላዊት። ወንድሜ ስልኩ ላይ ሰዓት የለውም? ኮሪያ ድረስ ፕላስቲክ? ኮሪያ እኮ ይህን የሚሠሩት እነሱ ናቸው! ሚስቱ ምን ላከችለት ሲሉት ምን ይበል?"

"ሚስቱ የላከችለትን ይበል።"

"አትቆጪኝ። እኔ የምነግርሽ ለትዳርሽ ነው። ወንድ ልጅ ሲርቅ በጨበጠው ነገር ነው የሚያዘው። አንቺ ደግሞ ይባስ ብለሽ በውድቅት እየደወልሽ እንቅልፍ ነሣሽው አሉ።"

ወንጌላዊት የሰዓቱን ጀርባ የምትዘጋበትን መፍቻ አስቀመጠች። "ማነው ያለው?"

"እሱ ራሱ ነዋ። 'ሆን ብላ ነው፣ እንደማላነሣ እያወቀች ደወልኩ ለማለት ነው' ብሎኛል። ሰው እኮ ነው፤ ሲማር ውሎ ይተኛል።"

"እትዬ ፀዳለ፣ የምደውለው እሱ ደውዪ ባለኝ ሰዓት ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ውድቅት የሚሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?"

"እኔ ምን አውቄ። የነገረኝን ነገርኩሽ።" ጃኬቱን አነሡ። "እስክንድር ለሁላችን የፈቀደው አንድ ኪሎ ብቻ ነው። ጃኬቱ ከኪሎ ያልፋል። እንደምንም ብሎ እንዲይዘው ለምኜዋለሁ፤ ትንሽ ማርም አለ። የአንቺን ሌላ ሰው ሲሄድ ትልኪዋለሽ።" ወጡ።

ወንጌላዊት መፍቻውን መልሳ አነሣች። ሰዓቱ መናቁ አንድ ነገር ነው፤ ከሱ የባሰው ሌላው ነው። ባሏ ለእሷ አንዲት መስመር ጽፎ፣ ለእህቱ ግን ቁጭ ብሎ ቅሬታውን ዘርዝሯል። ሆን ብላ! እሷ! ከዛሬ አሥር ቀን ጀምሮ የሌሊት እንቅልፏን ለማን ነው የሰጠችው? ትሕትና "አባቢ መቼ ነው የሚያወራኝ?" ስትላት "ሥራ በዝቶበት ነው" እያለች ለማን ነው የምትዋሸው? እውነቱን ለመናገር፣ እዚያች ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ሳለ ትዳሯ ያለቀ መሰላት፤ ሰው ትዳሩ ሲያልቅ የሚሰማው ይህ ከሆነ አለቀ ማለት ነው አለች ለራሷ። ቢያልቅም ግን የሠራችውን አሳይታ ነው። ድንጋዩን ከተተች፤ ከሱቁ ግድግዳ ሰዓት ጋር አስተያይታ በጀርባ ያለችውን ትንሽ ጎማ እያዞረች ሞላችው፤ በፌስታል ጠቀለለችው።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ገና አልመጣም። "ዞን ደርሼ ልምጣ" አለች።

"ለምን?" አሉ ጋሽ ቢሻው።

"ለጉዳይ።"

"የማን ጉዳይ?"

"የእኔ!" አለችና ወጣች። ጋሽ ቢሻው እንዲህ ተመልሶላቸው አያውቅም።

ዝናቡ አባርቶ ጭጋጉ ከጫካው ወደ ከተማው እየወረደ ነበር። ዳገቱን ስትጨርስ ጫማዋ በጭቃ ከብዷል። አቶ እስክንድር ከጠረጴዛው ኋላ ፋይል ሲያስተካክል አገኘችው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ነው፤ ከበእምነት ጋር አንድ ቢሮ ነበሩ፤ ለስድስት ሳምንት ሥልጠና ነው የሚሄደው። የእትዬ ፀዳለ ጃኬት ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የማሩ ቆርቆሮ ስሩ ተቀምጧል።

"አቶ እስክንድር፣ ይህን ለበእምነት እንድትወስድልኝ ነው።"

እስክንድር ሻንጣው እንደሞላ፣ ሰው ሁሉ እንደከመረበት፣ ግመል መሰልኩ ወይ እያለ ፌስታሉን ፈታ። ሰዓቱን አየና ግንባሩ ተኮማተረ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሰዓት ነው። በቦንጋ ሰዓት ሞልቼዋለሁ፤ እንዳትነካው ብለህ ስጠው። እሱ ዓይቶ እኛ ምን እያደረግን እንደሆነ እንዲያውቅ ነው።"

"በቦንጋ ሰዓት?" እስክንድር ፈገግ አለ። ብዙ የተማረ ሰው ትንሽ ለተማረ የሚያሳየው ፈገግታ ነው፤ ወንጌላዊት ታውቀዋለች፤ በየቀኑ ሱቅ ድረስ ይመጣል። "እህቴ፣ አልገባሽም። እዚያ እኮ ሌላ ነው አቆጣጠሩ። ቆይ ላስተካክልልሽ።" ሰዓቱን ገለበጠና ጎማዋን ያዘ።

"አትንካው!"

"ስድስት ሰዓት ልጨምርልሽ እኮ ነው። የኛን ወደ ፈረንጅ ስድስት ትጨምሪያለሽ፣ ይሄ የታወቀ ነው..."

"አትንካው አልኩ! ለፈረንጅ አይደለም፤ ለቤቱ ነው! የቤቱን ሰዓት እንዲያይ!" ሰዓቱን ነጠቀችው። ድምፅዋ ኮሪደሩ ድረስ ሄዶ አንዲት ጸሐፊ አንገቷን አስግጋ አየቻቸው። "ሁላችሁም ምን ሆናችኋል? አንዷ ትስቃለች፣ አንዱ ያስተካክላል! ያልጠየቅኳችሁን!"

እስክንድር እጁን አነሣ። "እሺ፣ እሺ። አሁን አትቆጪ። እስኪ ስንት ይላል ያንቺ ሰዓት?"

"ስምንት ከሃምሳ።"

ስልኩን አወጣ። ለጉዞው ብሎ የሴኡልን ሰዓት ፊት ለፊት አስቀምጦታል። አየው። ሰዓቱን አየ። እንደገና ስልኩን አየ። "ይሄን የሞላሽው በኮሪያ ሰዓት ነው እንዴ?"

"በሱቁ ሰዓት ነው የሞላሁት። በጋሽ ቢሻው ግድግዳ።"

"ታዲያ..." ስልኩን ከሰዓቱ ጎን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ስልኩ፦ ሴኡል፣ ማታ፣ 8:50። የሦስት መቶ ሃምሳ ብሩ ፕላስቲክ፦ ስምንት ከሃምሳ። ሁለቱም አዩት። ሃምሳ አንድ ሆነ፤ እዚያም ሃምሳ አንድ ሆነ።

እስክንድር በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ቆጠረ። "ከእኛ ወደ ፈረንጅ ስድስት። ኮሪያ ደግሞ ከእኛ በስድስት ትቀድማለች። ስድስትና ስድስት አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለት ሲጨመር ቆጣሪው ዙሪያውን ዞሮ..."

"እዚያው ይመጣል" አለች ወንጌላዊት።

"እዚያው ይመጣል። ልዩነቱ ለእኛ ቀን ነው፣ ለእነሱ ማታ። ቆጣሪው ግን አንድ ነው።" እስክንድር አሁን ፈገግታው ጠፍቶ እንደ ልጅ ተደንቋል። "እኔ እኮ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየቀነስኩ እየደመርኩ ራሴን ሳዞር..."

ወንጌላዊት አልሰማችውም። ሌላ ነገር እየቆጠረች ነበር። አሁን በቦንጋ ስምንት ከሃምሳ ከሆነ እዚያም ማታ ስምንት ከሃምሳ ነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እዚህ ዘጠኝ፣ እዚያም ማታ ዘጠኝ። "በዘጠኝ ሰዓት ደውዪልኝ።" እሷ ግን የደወለችው ማታ ሦስት ላይ ነው። ማታ ሦስት እዚያ... ቆጣሪውን በዓይኗ አዞረችው። እዚያም ሦስት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሦስት። ሰው ሁሉ ሞቶ የሚተኛበት።

"የሰው ሰዓት" አለች ቀስ ብላ። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የተባለው ለካ ለእሷ ነው። ወዲያው ግን ንዴቷ ተመልሶ መጣ፤ እንዲያውም ብሶ። እሷ አላየችም፤ እሱስ? ሁለተኛ ዲግሪ የሚማረው ሰውዬስ?

ስልኳን ከፍታ የቀን ጥቅል ገዛች፤ ውድ ነው፤ ገዛችው። ዘጠኝ እስኪሆን በቢሮው በረንዳ ላይ ወዲህ ወዲያ አለች። ዘጠኝ ሲሆን ደወለች። አንዴ ጠራ፤ ሁለተኛውን ሳይጨርስ ተነሣ።

"ወንጌል?"

አሥር ቀን ያልሰማችው ድምፅ ነው። ማልቀስ አማራትና ተቆጣች። "ነቅተህ ነው ወይስ ተኝተህ ነው?"

"ምን ማለት ነው? በየቀኑ በዚህ ሰዓት ስልኩን ይዤ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። አንቺ ግን በውድቅት..."

"በዘጠኝ ደውዪ አላልክም?"

"አልኩ! ይኸው አሁን ዘጠኝ ነው! ከቤተ ሙከራ የምወጣው ማታ ዘጠኝ ነው፣ በእናንተ ስንት እንደሆነ ቆጠርኩ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ ዘጠኝ አልኩሽ!"

"እኔም ቆጠርኩት! በፈረንጅ ነው ብዬ!"

"ቆጥሬ ሰጥቼሽ ለምን መልሰሽ ትቆጥሪዋለሽ?"

"ቆጥሬያለሁ አላልክማ!"

በረንዳው ስር አንድ ሞተር ብስክሌት እያጓራ አለፈ።

"እኔ የአንተን ብዬ፣ አንተ የእኔን ብለህ" አለች ወንጌላዊት። "ሁለታችንም ባንቆጥር ኖሮ ተገናኝተን ነበር በእምነት። ቆጣሪው እኮ አንድ ነው።"

እዚያ ማዶ የትንፋሹ ድምፅ ተሰማ፤ መሳቅ ጀምሮ ነበር። "አንድ ነው... እውነትም አንድ ነው። እኔ ምን ነክቶኝ ነው?"

"አትሳቅ።" ድምፅዋ እንደጠነከረ ነው። "ለእህትህ የነገርከውን አልረሳሁም። ሆን ብላ ነው ብለሃል። ለእትዬ ፀዳለ ከምትነግር ለእኔ ብትነግረኝ፣ 'ለምን በዚህ ሰዓት ትደውያለሽ' ብትለኝ፣ በማግስቱ ያልቅ ነበር። አሥር ቀን! ትሕትና አሥር ቀን ሙሉ ጠየቀችኝ። እኔ አሥር ሌሊት 'ሌላ አግኝቶ ይሆን' እያልኩ ነው ያደርኩት። ይህን ይዘህ አንተ አላደርክም፤ እኔ ነኝ ይዤው ያደርኩት።"

ሳቁ ቆመ። "እውነትሽን ነው" አለ። "በሰው ሰዓት ያልኩሽን... እሱን አልመልሰውም፣ ተጽፏል። ግን ይቅርታ አድርጊልኝ። ለፀዳለም እኔው እነግራታለሁ።"

"ዛሬ ንገራት።"

"ዛሬ እነግራታለሁ። ነገስ? ነገ በዘጠኝ ትደውያለሽ?"

የቀኑ ዘጠኝ ሰዓት የሱቁ ዋና ሰዓት ነው፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ከምሳ ተመልሶ ወረቀቱን ይዞ የሚግተለተልበት። ትሕትናም ከትምህርት ቤት ወጥታ ወደ ሱቁ የምትመጣው ያኔ ነው፤ ብትደውል ልጅቷም አባቷን ታገኘዋለች። ጋሽ ቢሻው ግን በሥራ ሰዓት ስልክ ያነሣን ሠራተኛ በጠራራ ፀሐይ ያባርራሉ። "እደውላለሁ" አለች፤ እንዴት እንደሆነ ሳታውቅ።

ወደ ቢሮው ስትመለስ እስክንድር ሰዓቱን ጃኬቱ ላይ፣ ጃኬቱን ማሩ ላይ እየደረደረ ሻንጣው ውስጥ ሊያስገባ ይታገል ነበር። "እውነቱን ልንገርሽ" አለ፤ አፍሮ ነው የሚያወራው፤ "ጃኬቱን ካላወጣሁ ሰዓቱ አይገባም። ከፈለግሽ አወጣዋለሁ። የእትዬ ፀዳለን ቁጣ እኔ እችለዋለሁ።"

ጃኬቱን አየችው። ሊያወጣው ዝግጁ ነው፤ አንድ ቃል ብትል ይበቃል። ጠዋት ቢሆን ኖሮ ትለው ነበር።

"ተወው፤ ይልበስ፤ ይበርዳል ይላል" አለች። "ሰዓቱ ይቅር። ቆጣሪው አንድ ከሆነ ሰዓት እዚያ ሞልቷል። ወረቀቱን ብቻ ውሰድልኝ፤ የራሱን ሰዓት ፈትቶ ይለጥፈው።"

"ወረቀቱን ከሆነ በቴሌግራም ብትልኪለትስ? እዚያው ያትመዋል።"

"የእጅ ጽሑፌን ነው የምልክለት፤ ፎቶውን አይደለም። ማታ አሥራ ሁለት ላይ ቤትህ አመጣዋለሁ።"

ሱቁ ስትደርስ መብራት መጥቶ ሰልፉ በሩን አልፎ ወጥቷል። ትሕትና ቦርሳዋን እንዳዘለች ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ቢሻው ራሳቸው ማሽኑ ስር ቆመው ላባቸውን ይጠርጋሉ፤ ወረቀት ቀርቅሮባቸዋል። የተናገሯትን እዚህ መጻፍ ነውር ነው። የማሽኑን ጎን ከፈተች፣ የተኮማተረውን ወረቀት ሳትቀድ ስባ አወጣች፣ ዘጋች፣ ሰልፉን አስተናገደች። የማኅበር ደንብ፣ የልደት ካርድ፣ ከዋጫ የመጣ መምህር የዝውውር ማመልከቻ።

ሰልፉ ሲሳሳ አዲስ ክብ አተመች። አሁን ሁለት ዙር ነው ያለው፤ ውጭኛው ነጭ፣ ውስጠኛው ግራጫ። ውጭኛው የእኛ ቀን ነው፤ ለእሱ ከቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ያለው። ውስጠኛው የእኛ ሌሊት ነው፤ ለእሱ ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር። የውጭውን ከድሮው ገለበጠች። ከውስጥ በኩል ከሁለት አጠገብ "ትሕትና ተኛች። አንተም ተኝተሃል" ብላ ጻፈች። ከሦስት አጠገብ "ከእንግዲህ አልቀሰቅስህም።" ከስድስት አጠገብ "አንተ ስትነሣ እኔ እንቅልፌ ጠንቷል፤ በእግር ጣትህ ሂድ።" ከአሥራ አንድ አጠገብ "ነቃሁ። ጫካው ላይ ጭጋግ አለ።" ውጭኛው ዙር ላይ ዘጠኝ ጋ ስትደርስ በፊት የጻፈችውን፣ "ሥራ በዝቷል"፣ አልገለበጠችም። ብዕሯን ይዛ ቆየች። ባዶ ተወችው። ዙሪያውን በመቀስ ቆረጠችው፣ በካርቶን መሐል አስገብታ በፖስታ አሸገችው፣ አሥራ አምስት ብር አውጥታ ጋሽ ቢሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

ጋሽ ቢሻው ብሩን ወደ መሳቢያው ጠረጉት። "የጠፋሽበትን አንድ ሰዓት ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ።"

"ይቁረጡ" አለች። ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች፣ አንድ መስመር በትልቅ ፊደል ጻፈች፣ አተመች። ለዚህኛውም አሥራ አምስት ብር ጨመረችላቸው።

ጋሽ ቢሻው ወረቀቱን ከእጇ ሊያዩት አንገታቸውን አስገጉ። "ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል አገልግሎት የለም" ሲሉ አነበቡ፤ ሲጨርሱ ድምፃቸው ቀጥኗል። "ማን ፈቀደ? ይሄ የማን ቤት ነው? በቦንጋ ሥራ ፈላጊ ጠፍቶ ነው?"

"አልጠፋም ጋሽ ቢሻው። ነገ ማለዳ አምጥተው ያስተምሩት፤ እኔም አግዝዎታለሁ። እስከዚያው ማታ ግማሽ ሰዓት አምሽቼ እክሳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ግን የእኔና የልጄ ነው። እሱን አልሸጥኩልዎትም።"

ጋሽ ቢሻው ወደ ማሽኑ አዩ፤ ወደ ወረቀቱ አዩ፤ የሁለተኛውን አሥራ አምስት ብርም ወደ መሳቢያው ጠረጉት። ወንጌላዊት ፕላስተሩን በጥርሷ ቆርጣ ወረቀቱን በበሩ መስታወት ላይ፣ ማንም ሲገባ ሊያልፈው በማይችልበት ቁመት፣ አራቱንም ማዕዘን ለጠፈችው። ከዚያ ወደ ቦታዋ ተመለሰችና በሩ ላይ ቆመው የሚያነቡትን ሰዎች፣ "ቀጣይ!" አለቻቸው።